ማይክሮዌቭ ሲበራ ፊልሙ ለምን ይቆማል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሰሚት ኮንዶሚኒየም የደወሉ እናት፦ «ልጄ፣ ቴሌቪዥናችን በዋይፋይ ነው የሚሠራው። ምግብ ላሙቅ ብዬ ማይክሮዌቭ ሳበራ ፊልሙ ቀጥ ይልና ያ ክቡ ነገር መሽከርከር ይጀምራል። ሳጠፋው ይመለሳል። መብራቱ ነው የሚያንሰው?»

መብራቱ አይመስለኝም እናቴ። መብራት ወርዶ ራውተሩ ቢጠፋ ኖሮ ተመልሶ ለመነሳት ብቻ ደቂቃ ይፈጅበታል። የእርስዎ ግን ማይክሮዌቩ እንደጠፋ ወዲያው ይመለሳል። ይሄ የአየር ሞገድ ጉዳይ ነው።

ዋይፋይዎ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ ነው። ከ2400 እስከ 2483 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለች ጠባብ ቦታ ናት። ማይክሮዌቭ ውስጥ ምግቡን የሚያሞቀው ማግኔትሮን ደግሞ 2450 አካባቢ ይሠራል፤ እዚያው መሃሏ ላይ ማለት ነው። ሞገዱ ብረቱ ሳጥን ውስጥ እንዲቀር ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ግን በበሩ ዙሪያ ጥቂት ነገር ማምለጡ አይቀርም። ያቺ ጥቂት ለምግብ ምንም ናት፣ ለዋይፋይ ግን ትልቅ ጩኸት ናት።

አሁን የሚገርመውን ልንገርዎት። ተራው ማይክሮዌቭ፣ ያ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው፣ ያለማቋረጥ አይጮህም። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ማግኔትሮኑ ወደ 10 ሚሊሴኮንድ ይሠራል፣ ወደ 10 ሚሊሴኮንድ ዝም ይላል። ዋይፋዩ በዚያች የዝምታ ክፍተት ዳታውን ማሾለክ ይችላል። ችግሩ ራውተሩ ይሄን አያውቅም። የላከው አልደርስ ሲለው «ሲግናሉ ደክሟል» ብሎ ያስብና ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንድ ሙሉ የዳታ ጥቅል 1500 ባይት ነው። በ54 ሜጋቢት ፍጥነት ከሩብ ሚሊሴኮንድ ብዙም ሳይበልጥ ያልቃል። ፍጥነቱ ወርዶ ወርዶ 1 ሜጋቢት ከደረሰ ግን ያው ጥቅል 12 ሚሊሴኮንድ ይፈልጋል፤ ክፍተቷ ደግሞ 10 ብቻ ናት! ስለዚህ ራውተሩ ሊጠነቀቅ ብሎ በቀነሰ ቁጥር ይብስበታል። የተቀዳ ቪዲዮ ቀድሞ ትንሽ ስለሚጠራቀም ለጥቂት ጊዜ ይታገሳል፤ ቀጥታ ኳስና የቪዲዮ ጥሪ ግን ወዲያው ይቆራረጣሉ።

ማረጋገጥ ከፈለጉ አንድ ኩባያ ውሃ ያስገቡ (ባዶውን እንዳያስነሱት) እና ዴፍሮስት ላይ ያድርጉት። ዴፍሮስት ላይ ተራው ማይክሮዌቭ ለጥቂት ሴኮንድ ያጓራል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያጓራል። ቤት ውስጥ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ካለ ላፕቶፑን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጥና በዋይፋይ ተገናኝቶ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ ይሄን ይጻፍ፦

```
ping -t 192.168.1.1
```

የራውተሩ አድራሻ የተለየ ከሆነ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ይጠቀም። ቁጥሩ በደህናው ጊዜ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ነው። ማይክሮዌቩ ሲያጓራ ወደ መቶዎች ዘሎ ወይም `Request timed out` ብሎ፣ ዝም ሲል ደግሞ ወደ ቦታው ከተመለሰ ነገሩ አለቀ፤ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ለቴሌኮሙ ደውለው መስመሩን መውቀስ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ይሄ ፈተና ከቤት አይወጣም፤ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ብቻ ነው።

መፍትሔው መጀመሪያ አቀማመጥ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ የሚቆመው ኩሽናውን በሚጋራው ግድግዳ ላይ ነው፣ ማይክሮዌቩ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ። ከቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት እጥፍ ቢያደርጉት የሚደርሰው ጩኸት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ሜትርም ዋጋ አላት። ራውተሩን ደግሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ያቅርቡት። ከኋላው ግን አይወትፉት፣ የቴሌቪዥኑ ብረት ሲግናሉን ይጋርደዋል። የራውተሩን የዋይፋይ ቻናል ወደ 1 መቀየርም ይረዳል፣ ቻናል 1 መሃሉ 2412 ላይ ስለሆነ ከ2450 ይርቃል። ሙሉ በሙሉ አያድንም፣ ማግኔትሮን አንድ ቦታ ረግቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ቁርጥ ያለው መፍትሔ ሁለት ነው። ራውተሩም ቴሌቪዥኑም 5 ጊጋኸርዝ ካላቸው ወደዚያ መቀየር፤ ማይክሮዌቭ እዚያ አይደርስም (ይሄ የሞባይሉ ፋይቭ ጂ አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው)። ካልሆነ ደግሞ የኔትወርክ ገመድ መሳብ። የብዙ ቴሌቪዥኖች የገመድ ቀዳዳ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው፣ ለፊልም ግን ይተርፋል።

መልሱን ሰምታ የደወለች አድማጭ፦ «የኛም እንደዛው ያደርጋል። ታዲያ ዋይፋዩን ካቋረጠ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው? ልጆች አሉ፣ ፈራሁ።»

አትፍሪ እህቴ። የዋይፋይ መቆራረጥ ለዚህ መለኪያ አይሆንም። ከራውተሩ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው ሲግናል፣ ጥሩ የሚባለው እንኳ፣ የአንድ ሚሊዋት አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ያንን ለመሸፈን ምንም የማትባል ፍሳሽ ትበቃለች። የደህንነት ወሰኑ ሌላ ዓለም ነው፤ ለምሳሌ የአሜሪካው ሕግ ማይክሮዌቩ በአገልግሎት ዘመኑ ከውጪ ገጹ 5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ በካሬ ሴንቲሜትር ከ5 ሚሊዋት እንዳያልፍ ይላል። ደህናው ማይክሮዌቭም ከዚያ በብዙ አንሶ ዋይፋይ ይረብሻል።

አንቺ ማየት ያለብሽ በሩን ነው። ገጥሞ ካልተዘጋ፣ ማጠፊያው ከላላ፣ የበሩ ጠርዝ ከተጣመመ ወይም ከተቃጠለ፣ ወይ በሩ ተከፍቶ እየሠራ ከቀጠለ አትጠቀሚበት። ስልክ ውስጡ አስቀምጦ መደወል የሚባለውን ፈተና ደግሞ እርሺው። ስልኩ ጮኸ ማለት በሩ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ስልክ የሚሠራው በሌላ ሞገድ ነው፣ በጣም ደካማ ሲግናልም ይበቃዋል።

ከጀሞ የደወለ ወጣት፦ «ማይክሮዌቭ የለንም። ማታ ማታ ግን ቲቪው ይንተባተባል። በስልክ አፕ ሳይ 14 ኔትወርክ አለ፣ ሁሉም 1፣ 6 እና 11 ላይ ናቸው። 3 ባዶ ስለሆነ ወደ 3 ቀየርኩት፣ ጭራሽ ባሰበት። ለምን?»

ወንድሜ፣ 3 ባዶ አይደለም። ቁጥሮቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፣ አንድ ኔትወርክ ግን 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። የአንተ 3 ከ2412 እስከ 2432 ድረስ ተንጣሏል። ቻናል 1 ላይ ያሉት እስከ 2422 ይደርሳሉ፣ 6 ላይ ያሉት ከ2427 ይጀምራሉ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ጋር ተጋጨህ።

የባሰበት ለምን መሰለህ? ሁለት ራውተሮች አንድ ቻናል ላይ ሲሆኑ የሌላውን መልእክት መጀመሪያ አንብበው ወረፋ ይጠብቃሉ። ይቀንሳሉ እንጂ አይደናበሩም። አንተ በግማሽ ስትደራረባቸው ግን አይነበቡህም፤ ለአንተ ጫጫታ ናቸው፣ ለእነሱም አንተ ጫጫታ ነህ። ሁለታችሁም እኩል ትናገራላችሁ፣ ሁለቱም ይበላሻል፣ እንደገና ትልካላችሁ። ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ ደግሞ ይሄ ይበዛል።

ከመስመር ውጪ ዝርዝሩን ልከህልኛል፣ አብረን እንየው። ቻናል 1 ላይ 3 አሉ፣ የሲግናላቸው ጥንካሬ ከ-55 እስከ -65 ዲቢኤም። 6 ላይ 4 አሉ፣ ሁለቱ -50 አካባቢ፣ ጎረቤትህ ግድግዳው ላይ ሳይሰቅለው አይቀርም። 11 ላይ ደግሞ 7 አሉ፣ ግን ሁሉም ከ-85 በታች። ብዙ ሰው 11ን «7 ሰው አለበት» ብሎ ይሸሻል። እኔ ግን 11 ነው የምልህ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል፣ በየ10ሩ ደግሞ አሥር እጥፍ ይለያያል። ዋይፋይ ለሌላው ኔትወርክ ወረፋ መጠበቅ የሚገደደው በግምት ከ-82 ሲጠነክር ነው። የ11ዶቹ ሰባቱም ከዚያ በታች ስለሆኑ ራውተርህ አብዛኛውን ጊዜ እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ራውተሩ ላይ ያለው ሲግናል ሌላ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ጋ ያለው ሌላ፤ ስለዚህ ስልክህን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይዘህ ነው ማየት ያለብህ። የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ደግሞ፦

```
netsh wlan show networks mode=bssid
```

እሱ ሲግናሉን በመቶኛ፣ ቻናሉንም በቁጥር ያወጣልሃል።

ሁለት ነገር ጨምር። ራውተሩ ገጽ ላይ `20/40MHz` የሚል ካለ `20MHz` አድርገው። 40 ፈጣን ይመስላል፣ ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሞገዱን ግማሽ ልያዝ እንደማለት ነው፣ የሁሉም ጎረቤት ጫጫታ ይገባልሃል። ቻናሉንም ከ`Auto` አውጣው። ብዙ ራውተሮች ቻናል የሚመርጡት ሲነሱ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሕንፃው ራውተር ሁሉ እኩል ይነሳል፣ ሁሉም ሌላው ሳይነሳ አየሩን ያይና «ባዶ ነው» ብሎ አንድ ቦታ ሊከማች ይችላል። እስከሚቀጥለው መብራት መጥፋት ድረስ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ መብራት መሄዱ አይቀርም።

በጽሑፍ የደረሰን፦ «አንድሮይድ ቦክስ አለኝ። ፊልም የያዘ ሃርድ ዲስክ ስሰካበት ዋይፋዩ ይደክማል፣ ሪሞቱም ይዘገያል። ስነቅለው ይስተካከላል። ቦክሱ ነው የተበላሸው?»

አልተበላሸም። ዲስክህ ዩኤስቢ 3 ነው መሰለኝ። የዩኤስቢ 3 ገመድና መሰኪያ ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ ይለቃል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 ጽፎበታል። ዲስኩ ከቦክሱ አንቴና ጣት የማይሞላ ርቀት ላይ ነው ያለው። የብሉቱዝ ሪሞትም እዚያው ሞገድ ላይ ስለሆነ አብሮ ይቸገራል።

ቦክሱ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ካለው (ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ነው፣ ጥቁሩ 2) ዲስኩን እዚያ ሰካው። ለፊልም ፍጥነቱ ይበቃል። ከሌለው ጥሩ መከላከያ ያለው ማራዘሚያ ገዝተህ ዲስኩን አንድ ሜትር ያህል አርቀው። ርካሽ ማራዘሚያ ራሱ አንቴና ይሆንብሃል፣ እሱን ተጠንቀቅ።

አንድ አባት፦ «የኛ በዲሽ ነው እንጂ በዋይፋይ አይደለም። ማይክሮዌቭ ይረብሸዋል?»

አይረብሸውም አባቴ። ከዲሹ ራስ ወደ ሪሲቨሩ በኬብል የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው፣ 2450 አይደርስም። ምስሉ የሚሰባበረው ማይክሮዌቩ ሲበራ ብቻ ከሆነ ግን ማይክሮዌቩንና ሪሲቨሩን አንድ የመብራት ማከፋፈያ ላይ ሰክተው እንደሆነ ይዩ። ያኔ እውነትም የመብራት ነገር ነው።