ቀሪውን 14 ሺህ ዶላር ማን ይከፍላል?

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። አብዛኞቻችሁ የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ቃለ መጠይቅ እየጠበቃችሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ዩኒቨርሲቲው ስለሚልክላችሁ አንድ ወረቀት ነው፤ ስለ አይ-20።

አይ-20 ሲመጣ ሁላችንም ቶሎ ብለን የምናየው ስማችንንና ትምህርቱ የሚጀምርበትን ቀን ነው። እስቲ ወደ ታች ውረዱ። በግራ በኩል የዓመቱ ወጪ፣ በቀኝ በኩል ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተጽፏል። መስኮቱ ጋ ስትቆሙ ጠያቂው ይህን ያውቀዋል። ብዙ ተማሪ ግን አያውቀውም።

ባለፈው ዓመት አብሬያት የተዘጋጀሁ አንዲት ልጅ ነበረች። ወጪዋ 36 ሺህ ዶላር ነው። 22 ሺህ ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል፣ 14 ሺህ ከቤተሰብ። መጀመሪያ የገባችው ብቻዋን ተዘጋጅታ ነበር። «ማን ነው የሚከፍልልሽ?» ሲሏት «ስኮላርሺፕ አለኝ» አለች። «ቀሪውስ?» «አባቴ።» «ምን ይሠራሉ?» «ነጋዴ ናቸው።» ከዚያ የባንክ ወረቀት ፍለጋ ፋይሏን መበርበር ጀመረች። ወረቀቱን ማንም አላየላትም። ለምን ያንን ትምህርት ቤት እንደመረጠች ስትጠየቅም «በጣም ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ» አለች። በሁለት ደቂቃ ውስጥ በአንቀጽ 214 ቢ ተከልክለሻል የሚል ወረቀት ይዛ ወጣች።

ይህ አንቀጽ የሚለው ቀላል ነው። አመልካቹ ተመልሶ እንደሚመጣ እስኪያሳምን ድረስ እዚያው ሊቀር እንደሚሄድ ይቆጠራል። ይግባኝ የለውም። እንደገና ማመልከት ግን ይቻላል። የቪዛው 185 ዶላር እንደገና ይከፈላል፤ የተማሪ መመዝገቢያው የሴቪስ 350 ዶላር ግን በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ ካመለከታችሁ ድጋሚ አይጠየቅም።

ለሁለተኛው ጊዜ ቁጭ ብለን አወራን። አባቷ ሁለት አይሱዙ ነበራቸው፤ ለእሷ ብለው አንዱን ሸጡ። ለካ አካውንቱ ውስጥ በአንዴ የገባው ብር እሱ ነው! ድንገት የገባ ገንዘብ ደግሞ የተበደሩት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የሽያጩን ውል ያዘች። መልሷም ይህ ሆነ፦ «22 ሺሁን ዩኒቨርሲቲው ይችላል። 14 ሺሁን አባቴ ይከፍላል፤ የእህል ጭነት ሥራ አለው፣ አንድ መኪናውን ሸጦልኛል፣ ሌላው አሁንም ይሠራል።» የመጨረሻዋ ሐረግ ሁለተኛውን ዓመት ማን እንደሚከፍልም መለሰች።

ስለ ትምህርቱም የራሷን ነገር ተናገረች። ሦስት ዓመት መስኖ ላይ ሠርታለች። ቆቃ ግድብ በደለል እየሞላ መሆኑን ታውቃለች። ያ ዩኒቨርሲቲ የደለል ጥናት ኮርስ አለው፤ ስትመለስም የምትሠራው ይህንኑ ነው። ይህን ሸምድዳ አልነበረም። ሸምዳጅ ከመሀል ሲቋረጥ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል፣ እዚያው ይታወቅበታል። እሷ ሁለት ጊዜ ተቋርጣ ከቆመችበት ቀጠለች። ቪዛውን አገኘች።

አንድ ነገር አደራ፦ የምትናገሩት በቪዛ ማመልከቻ ቅጹ በዲኤስ-160 ላይ ከሞላችሁት ጋር አንድ ይሁን። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁ አለኝ በሉ።

አሁን አይ-20 የያዛችሁ አውጡት። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተቀያየሩና ቀኝ በኩል ካለው ቁጥር ጀምራችሁ ተጠያየቁ።