60 ኪሎ ጆንያ ስንት ፓውንድ ነው? (27 እንዳትሉኝ)

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ አጭር መልእክት ነው። ሁለት መስመር ናት። ሁለት መስመር! ግን አንድ ጓደኛዬን ግማሽ ቀን አንገላትታዋለች።

ጓደኛዬ ቡና ላኪ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ክፍል ቢሮ አለችው። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የናሙና ቡና የሞላበት መደርደሪያ፣ አለቀ። አሜሪካ ቡና የሚቆላ አንድ ሰው 10 ጆንያ ሊገዛው ነው። በአውሮፕላን። ሰውዬው "ክብደቱን በፓውንድ ላክልኝ፣ የማጓጓዣ ዋጋ ላስወጣ" አለው። አየር መንገዱ ከዚህ ሲጭን በኪሎ ነው የሚያስከፍለው። እዚያ ከወረደ በኋላ ግን የጭነት መኪናዎቹ የሚያሰሉት በፓውንድ ነው።

ጓደኛዬ ስልኩን አወጣ። 2.2 የምትባል ቁጥር እንዳለች ያስታውሳል። 60ን ለ2.2 አካፈለ፣ 27.27 መጣለት። በ10 አባዛት። "272.7 ፓውንድ" ብሎ ላከና ማኪያቶ አዘዘ። ዋጋው ሲመጣለት ርካሽ ነው! ሲስቅ ዋለ። ማታ ገዢው ደወለ። "ቆይ፣ 10 ጆንያ ነው የምትልክልኝ ወይስ 2?" አለው።

ሰውዬው ልክ ነው። 272 ፓውንድ ማለት የ2 ጆንያ ክብደት ነው።

(እዚህ ጋ የመቶ ብር ኖት ይታይ)

እሺ፣ አሁን የምወዳትን ምሳሌ ላምጣ። ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ገባችሁ። በእጃችሁ አንድ ባለ መቶ ብር ብቻ ነው ያለው። ወያላው ፊቱን አጨማደደ። "ዝርዝር የለም እንዴ?" አጠገባችሁ ያሉት እናት ቦርሳቸውን ከፈቱ። "ና ልጄ፣ እኔ ልዘርዝርልህ" አሉ። ባለ 50 ከሰጧችሁ ስንት ኖት ተቀበላችሁ? 2። ባለ 10 ከሰጧችሁስ? 10። ገንዘቡ ጨመረ? አልጨመረም። ያው መቶ ብር ነው። ኖቱ ሲያንስ ግን ብዛቱ ጨመረ። ኪሳችሁ አበጠ፣ እናንተ ግን አልበለጸጋችሁም። (እኔ ኪሴ ሲያብጥ ሀብታም የሆንኩ የሚመስለኝ ሰው ነኝ፣ እሱን ተዉት።)

ፓውንድ ማለት ባለ አስሯ ናት። ከኪሎ ታንሳለች፣ ግማሽ ኪሎ እንኳን አትሞላም። ስለዚህ 60 ኪሎ ወደ ፓውንድ "ሲዘረዘር" ቁጥሩ መብዛት አለበት። 60 ገብቶ 27 ከወጣ፣ እኚያ እናት መቶ ብራችሁን ተቀብለው ሁለት ባለ አስር መልሰውላችኋል ማለት ነው። ትቀበላላችሁ? ታክሲው ይቆማል እንጂ!

ሒሳቡ ይቺው ናት፣ ቶሎ ልበላት፦

```
60 kg × 2.20462 = 132.28 lb
```

ማባዛት ነው፣ ማካፈል አይደለም። ካልኩሌተር ከሌለ ደግሞ እጥፍ አድርጉት፣ ከዚያ የእጥፉን አንድ አስረኛ ጨምሩ። 60፣ እጥፉ 120፣ አስረኛው 12፣ ድምር 132። በቃ። ይህን ለማጣሪያ ተጠቀሙበት። የመጨረሻውን ቁጥር ግን በሙሉው 2.20462 አባዙ፣ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላቋርጥ። ያለፈው ቪዲዮ ላይ ፓውንድን ሳነሳ ስንቶቻችሁ እንደጻፋችሁልኝ አትጠይቁኝ። አንዱ ወንድሜ "ገዢው አሜሪካዊ ከሆነ የእንግሊዝ ብር ምን ሊሠራለት?" አለኝ። ሌላዋ እህቴ ደግሞ "የዛሬው ምንዛሪ ስንት ገባ?" ብላ ጠየቀችኝ። ወገኖቼ! ይሄኛው ፓውንድ ባንክ አይመነዘርም። የክብደት መለኪያ ነው። ጠዋትም ማታም ያው ነው፣ ከ1959 ጀምሮ 0.45359237 ኪሎ ተብሎ ተቆርጧል። እነ አሜሪካና እንግሊዝ ተስማምተው የቆረጡት ነው፣ በጥቁር ገበያም አይጨምርም።

ግን አልፈርድባችሁም፣ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። የእንግሊዙ ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከክብደቱ ነው። ጥንት አንድ ፓውንድ ገንዘብ ማለት አንድ ፓውንድ ብር ነበር። ብር ስል ማዕድኑን ነው፣ የእኛም ገንዘብ ስሙ ከዚያው ነው። ደግሞ `lb` የምትለዋ አጻጻፍ "ፓውንድ" ከሚለው ድምፅ ጋር አትገናኝም። "ሊብራ" ከሚለው የላቲን ቃል የመጣች ናት። የገንዘቡ ምልክት `£` ራሱ የዚያችው "ሊብራ" ኤል ናት። ስለዚህ መልእክት ስትልኩ `lb` ብላችሁ ጻፉ፣ ማንም ከገንዘብ ጋር አያምታታውም።

ወደ ጓደኛዬ እንመለስ። በማግስቱ ሄድኩለት። ከዚህ በፊት ትራንዚተር ቢሮ ሠርቻለሁ፣ እንደምታውቁት፣ ይሄ ነገር አያስችለኝም። "60 ኪሎ ያልከው ምኑ ነው?" አልኩት። "ጆንያው" አለኝ። "ቡናው ነው ወይስ ከነጆንያው?" ዝም አለ።

60 ኪሎ የቡናው የተጣራ ክብደት ነው። መኪናው ግን ጆንያውንም ይጭናል፣ ጆንያውን ፈቶ ቡናውን በእቅፉ አይወስድም። ባዶውን የቃጫ ጆንያ፣ ከውስጥ ከሚገባው ፕላስቲክ ጋር፣ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 700 ግራም መጣ። በ10 ጆንያ 7 ኪሎ ነው። የእናንተ ጆንያ ሊለያይ ይችላል፣ የእኔን ቁጥር አትቅዱ፣ መዝኑ። ከእንጨት ፓሌት ላይ የሚጫን ከሆነ የፓሌቱም ክብደት ይጨመራል። እኛ ጋ ፓሌቱን የሚያቀርበው ጫኚው ስለነበር አልጨመርነውም፣ ይህንኑ ግን ለገዢው ጽፈንለታል።

የተስተካከለው መልእክት ይኸው፦

```
10 x 60 kg = 600 kg net = 1,322.77 lb
607 kg gross = 1,338.21 lb
```

የመጀመሪያዋ መስመር ለቡናው ዋጋ ናት፣ ሁለተኛዋ ለማጓጓዣው። ኪሎውንም አብራችሁ ጻፉ፣ ገዢው ራሱ አባዝቶ ያጣራል። ለመኪናው ዋጋ ሲጠይቅ 1,339 ብሎ ወደ ላይ ቢያጠጋጋው ይሻለዋል። ወደ ታች ካጠጋጋ፣ እዚያ ሲመዘን ልዩነቱን ይጠይቁታል።

ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ ያልኳችሁ ነገር ይኸው፣ "2.2 አይበቃም ወይ?" የምትሉኝ አላችሁ። ለ10 ጆንያ ልዩነቱ 3 ፓውንድ አይሞላም። ግን ሙሉ ኮንቴነር እንውሰድ። ባለ 20 ጫማው 320 ጆንያ ይይዛል፣ 19,200 ኪሎ። እያንዳንዱን ጆንያ "132" ብላችሁ ካሰላችሁ 42,240 ፓውንድ ይመጣል። በትክክል ከተባዛ 42,328.75 ነው። ወደ 89 ፓውንድ ጠፋ፣ 40 ኪሎ ቡና ማለት ነው። የኒው ዮርክ ገበያ ቡና የሚዋዋለው በፓውንድ ነው፣ ብዙ ገዢም ዋጋ የሚሰጣችሁ በዚያው ነው። ለምሳሌ ፓውንዱን በ4 ዶላር ብትሸጡ 355 ዶላር በማጠጋጋት በተናችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ጠቅላላውን ኪሎ ደምሩ፣ ከዚያ አንዴ አባዙ፣ በመጨረሻ አጠጋጉ።

ጓደኛዬ አዲሱን መልእክት ሲልክ ዋጋው ጨመረበት፣ እንደጠበቅነው። ገዢው ግን "አሁን ገባኝ" ብሎ ቀጠለ። ማኪያቶውን እኔ ከፈልኩ፣ ይሄንን በቪዲዮ መናገሬን እስካሁን አያውቅም። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለእሱ ግን እንዳትልኩለት። በሚቀጥለው ቪዲዮ ወደ ፈረሱላ እንሄዳለን፣ 17 ኪሎዋ። እሷን ወደ ፓውንድ ቀይሩና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። 7.7 የሚል ካየሁ ግን መቶ ብር ይዤ ታክሲ ውስጥ እጠብቃችኋለሁ።