ኮዱ ሳይሞት ዝም ሲል

ሰላም ናችሁ? አብሽሩ። ሐረጎ ላይ ጉም ይዞን ትንሽ አርፍጃለሁ፣ ይቅርታ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት የደሴንና የኮምቦልቻን ክፍት የሥራ ቦታዎች የማሰባስብበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ። ማስታወቂያዎቹን እየፈለግሁ በእጄ አልለጥፍም። ጠዋት ጠዋት የሥራ ድረ ገጾችን እየዞረ የሚለቅም ትንሽ የፓይተን ኮድ አለኝ፣ ስክራፐር የምንለው። ዛሬ የማወራችሁ ይህ ኮድ ስድስት ቀን ሙሉ ዝም ስላለበት ጊዜ ነው።

ኮዱ አልቆመም ነበር። በየቀኑ በሰዓቱ ይነሳል፣ ገጾቹን ያመጣል፣ ያለ ምንም ስህተት ጨርሶ ይተኛል። ቻናሉ ላይ ግን ከአንድ ትልቅ ድረ ገጽ የሚመጣ ምንም ነገር የለም። እኔም በልቤ «ወሩ ቀዝቅዟል» ብዬ አልፌው ነበር። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ፒያሳ ቦርድ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። «ይሄ እዚህ አለ፣ ድረ ገጹም ላይ አለ፣ አንተ ጋ የለም፤ ተኝተሃል እንዴ?» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጹ ማስታወቂያዎቹን በሰንጠረዥ ነበር የሚደረድራቸው፦ መጀመሪያ የሥራ መደቡ፣ ቀጥሎ ቦታው፣ ሦስተኛ የማመልከቻ ማብቂያ ቀን። የኔ ኮድ ሦስተኛውን ሳጥን ያነብና ቀኑ ካለፈ ማስታወቂያውን ይጥላል። ባለቤቶቹ አንድ ቀን ገጹን ሲያሳምሩ ከማብቂያው በፊት «የወጣበት ቀን» የሚል ዓምድ ጨመሩ። ለሰው ዓይን የተሻለ ገጽ ሆነ። ለኔ ኮድ ግን ሦስተኛው ሳጥን አሁን የወጣበት ቀን ነው። እኔ ደግሞ ኮዱን የማስነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት የዕለቱ ማስታወቂያ ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ያለው ሁሉ ትናንትና ከዚያ በፊት የወጣ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ ተጣለ። ኮድ ሲሰበር ቢጮህ ጥሩ ነበር። ይሄ ግን ቀን ጠብቆ ቀን ነው ያገኘው፣ ምን ብሎ ይጩህ?

ከዚያ የባሰውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደንግጬ ኮዱን መነካካት ጀመርኩ። አንድ መስመር እቀይራለሁ፣ አስነሳለሁ፣ አይሠራም፣ ሌላ መስመር እቀይራለሁ። በእያንዳንዱ ሙከራ ኮዱ 40 ገጾችን ያለ እረፍት ከሰርቨሩ ይጎትታል። ሠላሳ ጊዜ ሞክሬ ከሆነ 1,200 ጥያቄ ነው፣ ያውም አንድ ዓይነት ገጽ ለማየት። ትንሽ ቆይቶ `429` የሚል መልስ መጣልኝ፤ ጥያቄ አብዝተሃል ማለት ነው። አብሮት `Retry-After: 3600` የሚል ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስ ሲል ነው። እዚህ ላይ ቪፒኤን ከፍተው በሌላ አድራሻ የሚመለሱ ልጆች አውቃለሁ። በሩን የዘጋባችሁን ሰው በመስኮት እንደመግባት ነው፣ ተዉት።

ያን አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ በመጀመሪያው ቀን ማንበብ የነበረብኝን ፋይል አነበብኩ። ድረ ገጹ እንደኔ ኮድ በራሳቸው ገጽ ለሚጎበኙ ፕሮግራሞች፣ ለቦቶች፣ የት መግባት እንደሌለባቸው የሚጽፍበት ፋይል ነው። ከማንኛውም ድረ ገጽ ስም ኋላ `/robots.txt` ብላችሁ ብትጽፉ፣ ፋይሉ ካለ ይከፈትላችኋል። የዚያኛው ይህን ይመስል ነበር፦

```
User-agent: *
Disallow: /search
Disallow: /apply
Crawl-delay: 10
```

ኮከቧ «ማንኛውም ቦት» ማለት ናት። `Disallow: /search` ሲል ደግሞ አድራሻው በዚያ የሚጀምር ሁሉ ተከልክሏል፣ እኔ እጠቀምበት የነበረው `/search?city=Dessie` ጭምር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ፍለጋ ሰርቨሩን የመረጃ ቋቱን ያስፈትሸዋል። ያልተከለከለ ተራ ዝርዝር ገጽ ስለነበራቸው ወደዚያ ዞርኩና ከተማውን እኔው ጋ ማጣራት ጀመርኩ። `Crawl-delay` በ2022 በወጣው የሮቦትስ መስፈርት፣ በ`RFC 9309` ውስጥ የለችም፤ ብዙ ቦቶችም አያዩዋትም። ግን የድረ ገጹ ባለቤት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው አሥር ሰከንድ ጠብቅ ብሎ ጽፏል። አርባ ገጽ በአሥር ሰከንድ ልዩነት ሰባት ደቂቃ አይሞላም። እኔ በዚያ ሰዓት ቡና እየጠጣሁ ነው፣ ምን ያስቸኩለኛል?

ፋይሉ የሚናገረው ግን ስለ ቦት መንገድ ብቻ ነው። የአጠቃቀም ደንቡን ለብቻው ማንበብ አለባችሁ፤ ማስታወቂያውን መልሶ መለጠፍ የሚከለክል ካለ እዚያ ነው የሚገኘው። እኔ የሥራ መደቡን፣ ቦታውን፣ ማብቂያ ቀኑንና ሊንኩን ብቻ ነው የምወስደው። የቀጣሪውን ሠራተኛ ስምና ስልክ አልነካም፣ የፈለገ ሊንኩን ተጭኖ ከምንጩ ያያል። ቦቴም ራሱን በስሙ ያስተዋውቃል፣ ከጥያቄው ጋር ማንነቱን በሚልክበት `User-Agent` ላይ ኢሜይሌን አስቀምጫለሁ። የሚያስቸግራቸው ነገር ካለ ከመዝጋታቸው በፊት ሊጽፉልኝ ይችላሉ።

አሁን ወደ ጥገናው። ትልቁ ለውጥ ማምጣትንና ማንበብን መለየት ነው። አንደኛው ኮድ ገጹን አንድ ጊዜ ያመጣና እንዳለ፣ ቀን ጽፎበት፣ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ኮድ ከዚያ ከተቀመጠው ፋይል ነው የሚያነበው፣ ሰርቨሩን አያውቀውም። እንደዚያ ብሠራ ኖሮ ሠላሳውም ሙከራ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ያልቅ ነበር። ሌላም ጥቅም አለው፦ የትናንቱንና የዛሬውን ፋይል ጎን ለጎን ስታዩ ምን እንደተቀየረ ወዲያው ይታያችኋል። የጠፉትን ስድስት ቀናትም መልሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እኔ አልቻልኩም።

ቀጥሎ፣ ሳጥኑን በተራ ቁጥር መፈለግ ተውኩ። በርዕሱ ነው የምፈልገው፦

```python
heads = [h.get_text(strip=True) for h in table.select("th")]
i = heads.index("የማመልከቻ ማብቂያ ቀን")
```

ዓምዱ ቢንቀሳቀስ ይከተለዋል። ርዕሱ ጨርሶ ቢቀየር ደግሞ `index` ስህተት ያወጣና ኮዱ ይቆማል፤ የምፈልገውም እሱን ነው። ብዙ ልጆች ይህን በ`try` ሸፍነው `except: pass` ይላሉ፤ ስህተት ከመጣ ውጠኸው እለፍ ማለት ነው። ያኔ ዝምታው ተመልሶ ይመጣል።

ከሰንጠረዡም በፊት ግን የገጹን ምንጭ ከፍታችሁ `JobPosting` የሚል ቃል ፈልጉ። ብዙ የሥራ ድረ ገጾች ለፍለጋ ሞተሮች ሲሉ መረጃውን ማሽን በቀላሉ በሚያነበው በ`JSON-LD` መልክ ገጹ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ የወጣበት ቀን `datePosted`፣ ማብቂያው `validThrough` ተብለው በየስማቸው ተለይተው ይገኛሉ። የገጹ መልክ ሲቀየር ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ሁሉም ጋ ግን የለም፣ ያ ድረ ገጽም አልነበረውም።

አንድ የኛ አገር ነገር ልጨምር፦ የዘመን አቆጣጠሩ። ማስታወቂያ ላይ «ጥቅምት 2018» ተጽፎ ኮዱ እንደ ፈረንጅ ዓመት ከቆጠረው፣ ገና ያላለቀው ሥራ የዓመታት ዕድሜ ያለው አሮጌ ይሆንና ይጣላል። ልክ እንደ ዓምዱ፣ ያለ ምንም ስህተት። ስለዚህ የወሩን ስም አይቼ ነው መጀመሪያ የምወስነው።

በመጨረሻም ቆጠራ አስገባሁ። ከአንድ ድረ ገጽ የመጡት ሁሉ ከተጣሉ፣ ወይም የተነበበው ማብቂያ ቀን ከወጣበት ቀን የሚቀድም ከሆነ፣ ኮዱ ምንም ሳይለጥፍ ለኔ መልእክት ይልካል። ፍጹም አይደለም። የፋሲካ ሰሞን «ሁሉም ተጥሏል» ብሎ ቀሰቀሰኝ፣ ገጹን ስከፍት እውነትም አዲስ ነገር የለም፣ አገሩ ዶሮ እያረደ ነው። አንድ ጠዋት በከንቱ መነሳት ከስድስት ቀን ዝምታ ይሻለኛል።

የዚያን ሰንጠረዥ የድሮና የአዲስ መልክ በምሳሌ ሠርቼ ፍላሽ ላይ ይዣለሁ። ከሻይ በኋላ ላፕቶፕ የያዘ ይምጣና በአሮጌው ኮድና በአዲሱ ያንብበው፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።