ብድሩስ የት ገባ?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ ዘንድሮ የተመረቃችሁ ልጆችም፣ እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ስለ ካፒታል ገበያው ጠቅላላ ሁኔታ ነው፣ ፕሮግራሙም ላይ እንደዛ ተጽፏል፣ እኔ ግን ሆዴን ሲበላኝ የከረመ አንድ ነገር አለና እሱን ነው የምናገረው።

በቅርቡ አንድ የአክሲዮን ሽያጭ ማስተዋወቂያ ላይ ተጠርቼ ነበር። የሆቴል አዳራሽ፣ የምታውቁት አይነት፣ ቆሎ፣ ውሃ፣ ትልቅ ስክሪን። ፋብሪካ ነው፣ የሚሰራ ፋብሪካ፣ ቀልድ አይደለም። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን ቀየር አድርጌ ልንገራችሁ። አቅራቢው ተነሳና የዓመቱ ኢቢትዳ 200 ሚሊዮን ብር ነው አለ፣ ማለትም ወለድም ግብርም የዕርጅና ቅናሽም ሳይነሳለት። ቀጥሎ የዚህ አይነት ድርጅት በ6 መልቲፕል፣ ማለትም በኢቢትዳው 6 እጥፍ፣ ነው የሚሸጠው አለ። እሺ፣ ይሁን። 200 በ6 ሲባዛ 1.2 ቢሊዮን። አክሲዮኖቹ 1 ሚሊዮን ናቸው፣ ስለዚህ አንዱ አክሲዮን 1,200 ብር ያወጣል፣ እኛ ግን ለናንተ በ900 ነው የምንሰጣችሁ አለና አዳራሹ አጨበጨበ።

አጨበጨበ! ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ እዚህ ዛሬ የተቀመጣችሁ ሁለት ሰዎች ነበራችሁ፣ ስም አልጠራም፣ እናንተም አጨበጨባችሁ።

ያ 1.2 ቢሊዮን እኮ የባለአክሲዮኖቹ አይደለም፣ የኢንተርፕራይዝ ቫልዩ ነው፣ ማለት ድርጅቱ ሥራው በሙሉ የሚያወጣው ዋጋ፣ አበዳሪውም ባለአክሲዮኑም አንድ ላይ ሆነው የሚካፈሉት። ኢቢትዳ ወለድ ሳይከፈል በፊት ያለ ገንዘብ ስለሆነ በሱ ላይ ተባዝቶ የሚመጣው ዋጋም የሁለቱም ነው። ባንክ እዳ ያለበት ኮንዶሚኒየም በ5 ሚሊዮን ስትሸጡ 5 ሚሊዮኑ ኪሳችሁ ይገባል እንዴ? መጀመሪያ ባንኩ ቀሪውን ይወስዳል፣ የተረፈው ነው የናንተ። ይህንን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ አክሲዮን ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋብን።

በሻይ እረፍቱ አቅራቢውን ያዝኩትና ወንድሜ ብድሩስ የት ገባ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ብድሩ እኮ የድርጅቱ ነው፣ የባለአክሲዮኑ አይደለም» አለኝ። በሕግ ልክ ነው፣ ባንኩ የናንተን ቤት መጥቶ አይሸጥም። ግን ዋጋ ላይ ስንመጣ ባንኩ ከናንተ በፊት ነው የሚከፈለው፣ ስለዚህ ከናንተ ላይ ነው የሚቀነሰው! ይህንን የሚያውቅ ሰው ነው እንደዛ ያለኝ፣ ያናደደኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ኦዲት ሪፖርቱን ይዤ ራሴ ሰራሁት። የባንክ ብድር 300 ሚሊዮን፣ ኦቨርድራፍት 60 ሚሊዮን። ከዚያ ኖቱ ውስጥ ገባ ስትሉ የውጭ ማሽን ሻጩ የሰጠው ዱቤ አለ፣ 3 ሚሊዮን ዶላር። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ብር በሐምሌ 2016 መጨረሻ ወደ ገበያ ዋጋ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ስለዚህ እዳው 171 ሚሊዮን ብር ሆኖ ነበር የተጻፈው፣ ሪፖርቱ የሰኔ 30 ነዋ። ከወራት በኋላ ምንዛሪው ከ120 አለፈ። በ120 ብናሰላው 360 ሚሊዮን ነው። አንድ ብር ተጨማሪ ሳይበደሩ እዳው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፣ ሽያጩ ደግሞ ሁሉም በብር፣ አገር ውስጥ። በድምሩ 720 ሚሊዮን እዳ።

ጥሬ ገንዘቡስ? 100 ሚሊዮን ይላል። ግን 40ው ለኤልሲ ማርጅን፣ ከውጭ ለታዘዘ እቃ መያዣ እንዲሆን፣ ባንክ የተያዘ ነው፣ እቃው እስኪመጣ ማንም አይነካውም፣ ስለዚህ እኔ 60 ብቻ ነው የቆጠርኩት። ከእዳው ላይ ይህን ጥሬ ገንዘብ ስንቀንስ ኔት ዴቱ 660 ሚሊዮን። ከ1.2 ቢሊዮን ስትቀንሱት ለባለአክሲዮን የሚቀረው 540 ሚሊዮን ነው፣ ኢኪዊቲ ቫልዩ የሚባለው ይሄ ነው።

አላለቀም። አክሲዮኑ 1 ሚሊዮን ብቻ አይደለም፣ ለመሥራቾችና ለማኔጅመንት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ጉባኤው የወሰነው 80 ሺህ አለ፣ ገና አልተሰጠም እንጂ መሰጠቱ አይቀርም። 540 ሚሊዮን ለ1 ሚሊዮን 80 ሺህ ስናካፍል 500 ብር። ሰውየው 1,200 ነው ያለው፣ በ900 «ቅናሽ» ሊሸጥልን! በአሮጌው ምንዛሪ እንኳን ብንሰራው 675 ነው የሚመጣው፣ ከ900 አይደርስም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። መልቲፕሉን ከ6 ወደ 5 ዝቅ አድርጉት። ኢንተርፕራይዝ ቫልዩው 1 ቢሊዮን ሆነ፣ 17 በመቶ ገደማ ወረደ። እዳው ግን እዚያው 660 ላይ ቁጭ ብሏል፣ ንቅንቅ አይልም። የቀረው 340 ሚሊዮን፣ በአክሲዮን 315 ብር ገደማ፣ ማለትም 37 በመቶ ወደቀ። እዳ የበዛበት ድርጅት ላይ 5 ነው 6 ነው እያላችሁ ስትከራከሩ የምትከራከሩት በባለአክሲዮኑ ገንዘብ ከሲሶ በላይ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ሆንን ብዬ ሳስብ፣ አክሲዮንን የተማርነው ከባንክ ነው። ጠቅላላ ከተማው የባንክ አክሲዮን ነው የገዛው፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት እንኳን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነው። ባንክ ላይ ደግሞ ይህ ስሌት አይሰራም፣ የሰው ተቀማጭ ለባንክ እዳ ቢሆንም ጥሬ ዕቃው ነው፣ ወለድም ሥራው ነው፣ ስለዚህ የባንክን ዋጋ ከመጽሐፍ ዋጋውና ከትርፉ ነው የምናየው። ያንን ልማድ ይዘን ፋብሪካ ላይ ሄድን፣ ዲቪደንድ ስንት ነው ብቻ እንጠይቃለን፣ ብድር ስንት ነው የሚል የለም።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው፣ ሰዓቱም ሄዷል። ለከተማ አስተዳደር ያልተከፈለ የመሬት ሊዝ ካለ እዳ ነው፣ ቀንሱት። ድርጅቱ 60 በመቶ ብቻ የያዘው እህት ኩባንያ ኢቢትዳው ሙሉ በሙሉ ተደምሮ ከሆነ የሌሎቹ 40 በመቶ ድርሻም ይቀነሳል። ከሽያጩ ገና የሚሰበሰበውን ገንዘብ ካሽ ላይ የሚደምር ካጋጠማችሁ፣ አዲሶቹን አክሲዮኖችም እንዲቆጥር አስገድዱት፣ ወይ ሁለቱንም ይደምር ወይ ሁለቱንም ይተው።

ከዚህ ቤት የምጠይቀው ይህን ነው፣ ማናችንም ግምት ላይ ስንፈርም ከኢንተርፕራይዝ ቫልዩ እስከ አንድ አክሲዮን ያለው እያንዳንዱ መስመር፣ እዳው የተቆጠረበት ቀንና ምንዛሪ ጭምር፣ ከመጨረሻው ዋጋ ጋር አንድ ገጽ ላይ ይውጣ። አባሪ ውስጥ ሳይሆን እዛው ገጽ ላይ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ድምጽ ያስሰጥበት፣ የሚቃወም ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣና እንነጋገር፣ ማይኩን አሳልፉለት።