ከርቀት ለሚሠራ ሰው ሲቪ ሲመዘን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የደንበኞች አገልግሎት አስተባባሪ ልንቀጥር ነው፤ ሥራው በሳምንት አራት ቀን ከቤት፣ አንድ ቀን ከቢሮ ነው። የቀረበልን ሲቪ ሁሉ «ያለ ተቆጣጣሪ መሥራት እችላለሁ» ይላል። እውነተኛውን በምን ልለይ?

መልስ፦ ያንን ዐረፍተ ነገር እንዳልተጻፈ ቆጥረው ይለፉት፤ ማንም ሊጽፈው ስለሚችል ለማንም ነጥብ አያስገኝም። ማስረጃ የሚሆነው አመልካቹ ስለ ጠባዩ የሚናገረው ሳይሆን የሠራውን የሚገልጽበት መንገድ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የሥራ ልምድ ሥር ሥራውን ማን እንደጀመረው፣ የጊዜ ገደቡን ማን ይከታተል እንደነበርና መጨረሻ ላይ ምን ውጤት እንደተገኘ ይፈልጉ።

ሁለት አመልካቾች አሉ እንበል። የመጀመሪያዋ «ለሦስት ዓመት ከቤት ሆኜ የደንበኞችን ቅሬታ ስቀበል ቆይቻለሁ» ብላለች። ሁለተኛው ከቤት ሠርቶ አያውቅም፤ አለቃው በዋናው መሥሪያ ቤት፣ እርሱ ግን በሌላ ከተማ ባለ ቅርንጫፍ ነበር፤ እንዲህም ጽፏል፦ «የቅሬታ መዝገቡን ብቻዬን እይዝ ነበር። ተደጋግመው ለሚመጡት ቅሬታዎች የአመላለስ መመሪያ አዘጋጀሁ፤ በየሳምንቱም ሪፖርት እልክ ነበር። ከሁለት ቀን በላይ መልስ ሳያገኙ የሚቆዩት ቅሬታዎች በወር ከ40 ወደ 12 ወረዱ።»

ብዙ ቀጣሪዎች «ከቤት» የሚለውን ቃል አይተው የመጀመሪያዋን ያስቀድማሉ። እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም አጠገቡ የሚያዘው ሰው ሳይኖር ችግሩን ራሱ ለይቶ፣ መፍትሔውን በጽሑፍ አስፍሮ፣ የደረሰበትንም ሳይጠየቅ ያሳውቅ እንደነበር ከጽሑፉ መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያዋ ግን ከቤት ትሥራ እንጂ እያንዳንዱን ጥሪ የሚመድብላትና ደቂቃዋን የሚቆጥር ሥርዓት ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ራስን መምራትን አያሳይም። ሆኖም ሲቪዋ ዝም ስላለ ብቻ አትጣል፤ በአጭር የስልክ ጥሪ «የዕለቱን ሥራ ማን ይመድብልሽ ነበር? ሁለት አስቸኳይ ጉዳዮች በአንድ ጊዜ ሲመጡስ የቱ እንዲቀድም ማን ይወስን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሁለተኛውም ቁጥሮቹን ከየት እንዳገኛቸው ይጠየቅ፤ መዝገቡን በእርግጥ የያዘ ሰው አቆጣጠሩን ሳይቸገር ያስረዳል።

ፍርዱ እንዳይዛባ መስፈርቶቹን ሲቪዎቹን ከመክፈትዎ በፊት ይጻፏቸው። ለእያንዳንዱ መስፈርት ምንም ማስረጃ ከሌለ 0፣ ማስረጃው ጥቅል ከሆነ 1፣ ተጨባጭ ከሆነ 2 ይስጡ። ሌላ ባልደረባም የእርስዎን ውጤት ሳያይ ለብቻው ይመዝን፤ ልዩነታችሁ የሰፋባቸውን ሲቪዎች ብቻ አብራችሁ ደግማችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሲቪው ራሱ የአመልካቹን የጽሑፍ ችሎታ አያሳይም?

መልስ፦ በከፊል ያሳያል። ለዚህ ሥራ የሚጠቅመው ልምድ ከላይ ከተቀመጠና ቀኖቹ እርስ በርስ ካልተጋጩ አመልካቹ ለአንባቢው አስቧል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሲቪ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ይታረማል ወይም ከተዘጋጀ ቅጽ ይቀዳል፤ ስለዚህ ከውበቱ ይልቅ አመልካቹ በሥራው ላይ ለማን ምን ይጽፍ እንደነበር ይመልከቱ። መመሪያ፣ የሥራ ርክክብ ማስታወሻና ሳምንታዊ ሪፖርት ጥሩ ምልክቶች ናቸው።

ቀሪውን ለተመረጡት ሁሉ በሚሰጥ አንድ ዓይነት የ20 ደቂቃ ፈተና ያጣሩ። አንድ ያልተቋጨ የደንበኛ ቅሬታ ይስጧቸውና፣ ጉዳዩን በማግስቱ ለሚረከብ፣ መልሶ ሊጠይቃቸው ለማይችል ባልደረባ መልእክት እንዲጽፉ ያድርጉ። ጥሩ መልእክት የተፈጠረውን፣ እስካሁን የተደረገውን፣ ከአንባቢው የሚጠበቀውንና እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ይናገራል፤ ያልታወቀውንም ያልታወቀ መሆኑን ይገልጻል። ብዙ ጸሐፊዎች የሚወድቁት በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፤ የጎደለውን መረጃ በግምት ይሞሉታል፤ ተረካቢውም ግምቱን እንደ እውነት ይዞ ለደንበኛው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። የፊደል ግድፈትን ግን ሥራው ከሚፈልገው በላይ አያክብዱት።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያችን ላይ ስላክና ትሬሎ ብለን ጠቅሰናል። እነዚህን ያልጻፈ አመልካች ይውደቅ?

መልስ፦ አይውደቅ። መሣሪያዎቹን በስማቸው ሳይሆን በአገልግሎታቸው ይመድቧቸው፦ እንደ ስላክ ያለ መልእክት መለዋወጫ፣ እንደ ትሬሎ ያለ ሥራ መከታተያ፣ የጋራ ሰነድ መጻፊያ፣ የቪዲዮ ስብሰባ። በማይክሮሶፍት ቲምስ ሲሠራ የኖረ ሰው ስላክን በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። በአንጻሩ የአሥር መሣሪያዎች ስም ደርድሮ በአንዱም ምን እንደሠራ ያልተናገረ ሰው ስለ ችሎታው ምንም አልነገረዎትም። «የቡድኑን ሥራዎች በትሬሎ እከፋፍል ነበር፤ በስብሰባ የተወሰነውንም እዚያው እመዘግብ ነበር» የሚል አንድ መስመር ከዚያ ዝርዝር ሁሉ ይበልጣል፤ አዲስ ሰው ለመልመድ ጊዜ የሚወስድበት የመሣሪያው አጠቃቀም ሳይሆን ውሳኔን ሌሎች በሚያገኙት ቦታ የመመዝገብ ልማድ ነውና። የመሣሪያው ስም ራሱ መስፈርት መሆን ያለበት ተቀጣሪው መሣሪያውን ለሌሎች የሚያዋቅርና የሚያስተዳድር ከሆነ፣ ወይም ሥልጠና ሳይሰጠው በመጀመሪያው ቀን ሥራ የሚጀምር ከሆነ ነው።