በሁለት ወሰን መሃል የተያዘ ሲኩዌንስ

(ጎንደር ውስጥ ለሒሳብ መምህራንና ለመሰናዶ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ሙሉ ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ!

ቅዳሜ ከሰዓትን ለኢንተግራል ብሎ ከቤት የሚወጣ ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ጊዜያችሁን አላባክንም፤ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ልሂድ። ይዤ የመጣሁት አንድ ሲኩዌንስ ብቻ ነው።

Iₙ = ∫₀¹ xⁿ eˣ dx

ለእያንዳንዱ n አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ከ0 እስከ 1 ድረስ በ xⁿeˣ ግራፍ ሥር ያለው ስፋት ነው። የመጀመሪያው I₀ = e − 1 ነው። ሁለተኛው፣ I₁፣ ልክ 1 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የታወቀ ነው፦ n እያደገ ሲሄድ Iₙ ወዴት ይሄዳል?

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚያደርገውን አውቃለሁ። እጁ ወዲያው ወደ ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ይሄዳል። ይሂድ፣ ችግር የለውም። xⁿን ዲፈረንሺየት እናደርጋለን፣ eˣን ኢንተግሬት እናደርጋለን። ዳር ላይ xⁿeˣ በ1 ላይ e፣ በ0 ላይ ዜሮ ይሰጣል። የሚቀረው ይህ ነው፦

Iₙ = e − n·Iₙ₋₁

ቆንጆ ፎርሙላ ነው። ከI₁ ተነስተን I₂ = e − 2፣ I₃ = 6 − 2e፣ I₄ = 9e − 24 እያልን እስከፈለግንበት መሄድ እንችላለን። ግን ሊሚቱን ጠይቁት፤ መልስ የለውም። አንዳንዱ ተማሪ «ሊሚቱን L እንበለው» ብሎ L = e − nL ይጽፋል። ይህ አይሆንም። L የቆመ ቁጥር ነው፤ n ግን እየሮጠ ነው። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አስቀምጦ እኩል ነው ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ኢንተግራሉን ለማስላት መታገላችንን ለጊዜው እናቁም። ዋጋውን ሳናውቅ የት እንዳለ ማወቅ እንችላለን። x ከ0 እስከ 1 ባለበት eˣ ከ1 አያንስም፣ ከe አይበልጥም። ስለዚህ xⁿeˣ በxⁿ እና በe·xⁿ መካከል ነው። የxⁿ ኢንተግራል ደግሞ 1/(n+1) ነው። ስለዚህ፦

1/(n+1) ≤ Iₙ ≤ e/(n+1)

ሁለቱም ዳሮች ወደ ዜሮ ይሄዳሉ። መሃል የተያዘው Iₙም ሌላ መሄጃ የለውም፤ ሊሚቱ ዜሮ ነው። ልብ በሉ፣ ሪከርሲቭ ፎርሙላውን ጭራሽ አልነካነውም።

ብዙ ጊዜ ትምህርቱ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን እዚህ ማቆም አልወድም፣ ምክንያቱም ጥሩው ነገር ገና ነው። Iₙ ወደ ዜሮ የሚሄደው በምን ፍጥነት ነው? ማለትም n·Iₙ ወዴት ይሄዳል? ያገኘነው ወሰን «ከ1 እስከ e መካከል የሆነ ቦታ» ከማለት አያልፍም። ሰፊ ነው።

አሁን ፎርሙላውን እንመልሰው። ሁለት ቀላል ነገሮች እናውቃለን። አንደኛ፣ Iₙ₊₁ ከዜሮ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በ0 እና በ1 መካከል xⁿ⁺¹ ከxⁿ ስለሚያንስ Iₙ₊₁ ከIₙ ያንሳል። ፎርሙላው ደግሞ Iₙ₊₁ = e − (n+1)Iₙ ይላል። ከዜሮ መብለጡን ስንጽፍ Iₙ ከe/(n+1) ያንሳል። ከIₙ ማነሱን ስንጽፍ Iₙ ከe/(n+2) ይበልጣል። አንድ ላይ፦

e/(n+2) < Iₙ < e/(n+1)

እንዴት እንደጠበበ አያችሁ? አሁን በn ብናባዛው ሁለቱም ዳር ወደ e ይሄዳል። n·Iₙ ወደ e ይሄዳል ማለት ነው። ነገሩ ግራፉ ላይም ይታያል። n ትልቅ ሲሆን xⁿ ከ1 ራቅ ባለ ቦታ ሁሉ ወደ ዜሮ ተለጥፎ ይቀራል፤ ስፋቱ ያለው 1 አጠገብ ነው። እዚያ ደግሞ eˣ ከe ብዙም አይርቅም።

አሁን ካልኩሌተር ያላችሁ አውጡ። I₆ን በቁጥር እንፈልግ። ለe የምንወስደው 2.718 ይሁን፤ ስህተቱ ከ0.0003 በታች ነው፣ ማንም ቅር አይለውም። ከI₁ = 1 እንነሳ።

I₂ = 2.718 − 2 × 1 = 0.718
I₃ = 2.718 − 3 × 0.718 = 0.564
I₄ = 2.718 − 4 × 0.564 = 0.462
I₅ = 2.718 − 5 × 0.462 = 0.408
I₆ = 2.718 − 6 × 0.408 = 0.270
I₇ = 2.718 − 7 × 0.270 = 0.828
I₈ = 2.718 − 8 × 0.828 = −3.906

ስምንተኛው ላይ ስፋቱ ኔጌቲቭ ሆነ! ከx ዘንግ በላይ ያለ ግራፍ ነው፤ ኔጌቲቭ ስፋት ከየት ይመጣል? ማባዛቱን ደጋግማችሁ አስሉት፣ ልክ ነው። ፎርሙላውም ልክ ነው። ታዲያ ምን ነካው?

መጀመሪያ መቼ እንደተበላሸ እንወቅ። ወሰኖቻችን እዚህ ይጠቅማሉ። ሰፊው ወሰን I₆ በ0.143 እና በ0.388 መካከል ነው ይላል። 0.270 በሰላም ያልፋል። ጠባቡ ወሰን ግን ከ0.340 አይወርድም ይላል። 0.270 እዚያው ላይ ተያዘ። እውነተኛው I₆ 0.3447 ገደማ ነው። ሰፊውን ወሰን ብቻ የያዘ ሰው ስህተቱን የሚያየው ሰባተኛው ላይ፣ ቁጥሩ ከI₆ በልጦ ሲያፈጥበት ነው።

ምክንያቱ ከn ጋር ማባዛቱ ነው። I₂ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስህተት I₃ ላይ በ3 ትባዛለች፣ I₄ ላይ በ4፣ I₅ ላይ በ5። በየደረጃው ምልክቷን ትቀይራለች፤ መጠኗ ግን በፋክቶሪያል ያድጋል። የe ስህተት በየደረጃው እንደገና ስለሚገባም፣ ሁሉም ተደምሮ ስምንተኛው ላይ የመጀመሪያዋ ስህተት 14,833 ጊዜ ታድጋለች። 0.000282ን በዚህ አባዙት፤ ወደ 4.18 ይመጣል። እውነተኛው I₈ 0.274 ነው፤ ከሱ 4.18 ስትቀንሱ −3.906 ታገኛላችሁ። የጠፋ ነገር የለም፣ ሒሳቡ ሁሉ ይገጥማል።

«ብዙ አሃዝ እንውሰድ» የሚል ይኖራል። መውሰድ ይቻላል፤ ግን ማዘግየት እንጂ ማዳን አይደለም። 16 አሃዝ ገደማ ይዞ የሚሠራ ኮምፒውተር እንኳ n 20 አካባቢ ሲደርስ የሚሰጠው ቁጥር ዋጋ የለውም።

መድኃኒቱ ፎርሙላውን ወደ ኋላ መንዳት ነው።

Iₙ₋₁ = (e − Iₙ)/n

አሁን ስህተቱ በn አይባዛም፤ ለn ይካፈላል። እስቲ I₁₀ን ጭራሽ አናውቀውም እንበልና ዜሮ ነው ብለን እንነሳ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ወሰናችን ከ0.226 ይበልጣል ይላል። ቢሆንም እንቀጥል። ለeም ያንኑ 2.718 እንውሰድ።

I₉ = 2.718 ÷ 10 = 0.2718
I₈ = (2.718 − 0.2718) ÷ 9 = 0.2718
I₇ = (2.718 − 0.2718) ÷ 8 = 0.3058
I₆ = (2.718 − 0.3058) ÷ 7 = 0.3446

እውነተኛው 0.3447 ነበር። ከልክ ቁጥር ተነስተን ወደ ፊት ስንሄድ ተበላሸ፤ ከውሸት ተነስተን ወደ ኋላ ስንመጣ ተስተካከለ። የI₁₀ ስህተት I₆ እስኪደርስ ለ10፣ ለ9፣ ለ8፣ ለ7 ስለተካፈለ ነው፤ በጠቅላላው ለ5,040። ግምቱን ከዜሮ ይልቅ ከጠባቡ ወሰን መሃል ብትወስዱ ደግሞ ከዚህም ይሻላል። (ተማሪዎች፣ eˣን በe⁻ˣ ተኩና እቤት ሞክሩት። ፎርሙላው n·Jₙ₋₁ − 1/e ይሆናል። በሽታውም መድኃኒቱም ያው ነው።)

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ያቺን 14,833 ከየት አመጣኋት? ቀደም ብለን I₂ = e − 2፣ I₃ = 6 − 2e፣ I₄ = 9e − 24 ብለናል። ስንቀጥል I₅ = 120 − 44e፣ I₆ = 265e − 720 ይመጣል። ኢንቲጀሮቹን እዩ። 2፣ 6፣ 24፣ 120፣ 720 ፋክቶሪያሎች ናቸው። የe አባዦች ደግሞ 1፣ 2፣ 9፣ 44፣ 265 እያሉ ይሄዳሉ፤ ስምንተኛው ላይ 14,833 ነው። እነዚህም ሥራ አላቸው። አራት ሰዎች ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ እንበል። ሲወጡ በጥድፊያ ያገኙትን ቢያጠልቁ፣ ጫማዎቹ በ24 መንገድ ይከፋፈላሉ። ከነዚህ ውስጥ አንድም ሰው የራሱን የማያገኝባቸው 9 ናቸው። ለአምስት ሰው 44፣ ለስድስት 265። ይህ የn ሰው ቁጥር Dₙ ይባል። Dₙ = n·Dₙ₋₁ ± 1 የሚል ሪከርሲቭ ፎርሙላ ስላለው ነው ከኛው ጋር የገጠመው። ስለዚህ ምልክቱን ትተን፦

Iₙ = | Dₙ·e − n! |

አሁን e የሁለት ኢንቲጀሮች ክፍልፋይ፣ p/q፣ ነው የሚል ሰው ይምጣ። ሁለቱንም ወገን በq እናባዛ። q·Iₙ = | Dₙ·p − n!·q | ይሆናል። በቀኝ ያለው ሁሉ ኢንቲጀር ነው፣ ስለዚህ q·Iₙ ኢንቲጀር ነው። Iₙ ከዜሮ ስለሚበልጥ q·Iₙ ከ1 ሊያንስ አይችልም። ወሰናችን ግን q·Iₙ ከq·e/(n+1) ያንሳል ይላል። n = 3q ብለን እንምረጥ። e ከ3 ስለሚያንስ q·e/(3q+1) ከ1 ያንሳል። ከ1 የማያንሰው ቁጥር ከ1 አነሰ፤ ሰውየው መልስ የለውም። e ኢራሽናል ነው።

ይህን መጀመሪያ ያረጋገጠው ኦይለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1737፣ እዚህ ጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር በሚገዙበት ዘመን። እሱ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው፣ በተደራራቢ ክፍልፋይ ነው የመጣው። የኛ መንገድ የጠየቀው አንድ ፎርሙላና ሁለት ወሰን ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ሰሌዳው ኑ።