ቅድመ ክፍያ ሽያጭ የሚሆነው መቼ ነው?

[ስክሪን ላይ፦ የባንክ ማሳወቂያ። ግንቦት 20 ቀን 2017። ገቢ 460,000 ብር]

ብሩ ባንክ ገብቷል። ደረሰኝም ተቆርጧል። ዕቃው ግን ገና አልተሠራም፤ ብረቱ እንኳ አልተገዛም። ታዲያ ይህ ገንዘብ ሽያጭ ነው ወይስ አይደለም?

ለምሳሌ እንዲሆነን ደሴ ያለ አንድ የእንጨትና ብረታ ብረት ወርክሾፕ እንውሰድ። ወርክሾፑ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ ቫት ተመዝጋቢም ነው። ኮምቦልቻ ያለ የግል ትምህርት ቤት ለመስከረም የሚደርስ 200 ኮምባይንድ ዴስክ አዘዘው። የአንዱ ዋጋ ከቫት በፊት 4,000 ብር ነው፤ በጠቅላላው 800,000። ውሉ ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል ይላል። ቀሪው ግማሽ የሚከፈለው ዴስኮቹ በተረከቡ ቁጥር ነው። ስለዚህ አንድ ዴስክ ሲደርስ 2,000 ብሩ ከቅድመ ክፍያው ይቀነሳል፣ 2,000 ብር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ይጨምራል።

ግንቦት 20 የገባው 460,000 ምንድን ነው? 400,000ው ቅድመ ክፍያ ነው። 60,000ው የዚያ 15 በመቶ ቫት ነው፤ ወርክሾፑ በተቀበለው ልክ ደረሰኝ ቆርጧልና።

[ስክሪን ላይ፦ የመጀመሪያው ምዝገባ]

ዴቢት፦ ባንክ 460,000
ክሬዲት፦ የደንበኛ ቅድመ ክፍያ 400,000
ክሬዲት፦ የሚከፈል ቫት 60,000

ልብ በሉ፣ እዚህ ምዝገባ ውስጥ "ሽያጭ" የሚል መስመር የለም። የደንበኛ ቅድመ ክፍያ የዕዳ ሂሳብ ነው። ወርክሾፑ የ400,000 ብር ዕዳ ገባ ማለት ነው። ዕዳው በዴስክ የሚከፈል ነው፤ ዴስኩ ካልተሠራ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት መስፈርት አይኤፍአርኤስ 15 የሚለውም ይህንኑ ነው። ገቢ የሚመዘገበው ዕቃው በደንበኛው ቁጥጥር ሥር ሲገባ ነው፤ ገንዘቡ ቀድሞ መጣ ዘግይቶ መጣ ለውጥ የለውም።

የወርክሾፕ ባለቤቶች እዚህ ጋ ሁሌም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። "ደረሰኝ ቆርጫለሁ፣ ማሽኑ መዝግቦታል፣ ገቢዎችም ያየዋል። ሽያጭ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው አንድ ወረቀት ለሁለት ነገር ስለተቆጠረ ነው። ደረሰኙ የሚናገረው ስለ ቫት ነው። ቫቱ ክፍያውን ተከትሎ ቀድሞ ይወጣል፣ በግንቦት ቫት ማሳወቂያ ውስጥ ይገባል። የትርፍና ኪሳራው ሽያጭ ግን ርክክቡን ይጠብቃል። ሁለቱ በአንድ ቀን ሊገጥሙ ይችላሉ፤ የመግጠም ግዴታ ግን የለባቸውም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ገዢው ዊዝሆልዲንግ ቀንሶ ከከፈላችሁ ባንክ የሚገባው ብር ያንሳል። ቅድመ ክፍያውን ግን በሙሉው መዝግቡ፤ የተቀነሰው ለብቻው ከግብር የሚካካስ ተሰብሳቢ ሆኖ ይያዛል። ባንክ የገባውን ብቻ ከጻፋችሁ፣ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሂሳብ ስትተያዩ አይገጥምላችሁም። ምሳሌያችን ላይ ግን ነገሩ እንዳይወሳሰብ ዊዝሆልዲንጉን ትቼዋለሁ።

[ስክሪን ላይ፦ ሰኔ 25 ቀን 2017። 80 ዴስክ]

ሰኔ 25 የመጀመሪያዎቹ 80 ዴስኮች ኮምቦልቻ ደረሱ። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ቆጥሮ ተረከበና ማስረከቢያው ላይ ፈረመ። ትምህርት ቤቱም የነዚህን ቀሪ ግማሽ ከነቫቱ በዚያው ቀን ከፈለ። 160,000 እና 24,000፣ በድምሩ 184,000 ብር።

ዴቢት፦ ባንክ 184,000
ዴቢት፦ የደንበኛ ቅድመ ክፍያ 160,000
ክሬዲት፦ ሽያጭ 320,000
ክሬዲት፦ የሚከፈል ቫት 24,000

አሁን ሽያጭ ታየ። 80 ሲባዛ በ4,000 ነው፣ 320,000። ከቅድመ ክፍያው ዕዳ 160,000 ወረደ፣ 240,000 ቀረ። ለዚያ 160,000 ቫቱ ግንቦት ላይ ስለተቆጠረ አሁን ድጋሚ አይቆጠርም። 24,000ው የአዲሱ ክፍያ ቫት ብቻ ነው።

ከሽያጩ ጋር ወጪውም ይነሳል። አንድ ዴስክ በብረት፣ በጣውላ፣ በቀለምና በጉልበት 2,800 ብር ፈጀ እንበል። የ80ው 224,000 ነው። ይህ ብር እስከዚህ ቀን ድረስ ክምችት ውስጥ ነበር፤ አሁን የተሸጠ ዕቃ ወጪ ይሆናል። ትርፉ 96,000 ነው። በቅድመ ክፍያው የተገዛው የተቀረው ቱቦላሬና ጣውላ፣ ተበይዶ ቀለም የሚጠብቀውም ዴስክ፣ ገና ክምችት ነው። ወጪ አይደለም።

[ስክሪን ላይ፦ ሰኔ 30]

የበጀት ዓመቱ እዚህ ላይ ይዘጋል። የቅድመ ክፍያ ስህተት ዋጋ የሚያስከፍለውም እዚሁ ላይ ነው።

ሂሳብ ያዡ ብር በገባ ቁጥር ሽያጭ ብሎ ቢመዘግብ ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ግንቦት ላይ 400,000፣ ሰኔ ላይ 160,000፣ በድምሩ 560,000 ሽያጭ ይሆናል። የ80ውን ወጪ 224,000 ሲቀንስ የዓመቱ ትርፍ 336,000 ይወጣል። ትክክለኛው ግን 96,000 ነበር። ልዩነቱ 240,000 ነው፣ ማለትም ገና ያልተረከቡት የ120 ዴስኮች ቅድመ ክፍያ። ማኅበሩ በ30 በመቶ ግብር ስለሚከፍል፣ በዚያ ልዩነት ብቻ 72,000 ብር ያለ ጊዜው ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ለቀሪው ብረት መግዣ ከተያዘው ብር ላይ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ይብሳል። 120ው ዴስክ ሲሠራ 336,000 ብር ይፈጃል። ሽያጭ ተብሎ የሚቀረው ግን የመጨረሻው ግማሽ፣ 240,000 ብቻ ነው። መዝገቡ የ96,000 ብር ኪሳራ ያሳያል። ሥራው አትራፊ ነው፤ በድምሩ 240,000 ብር ይገኝበታል። መዝገቡ ግን አንዱን ዓመት አስፈንድቆ ሌላውን ያስለቅሳል። ባለቤቱ ይህን አይቶ "ዴስክ አያዋጣም" ብሎ ዋጋ ቢጨምርስ?

እና ርክክቡ ራሱ የቱ ጋ ነው? መኪናው ሰኔ 30 ማታ ከደሴ ተጭኖ ቁልቁል ወረደ እንበል። ኮምቦልቻ ደርሶ የተራገፈው ሐምሌ 1 ጠዋት ነው። ውሉ ማስረከቢያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው የሚል ከሆነ ሽያጩ የሐምሌ ነው። መንገድ ላይ አንድ ዴስክ ቢሰበር የሚጠግነው ወርክሾፑ ነዋ። ዕቃው ገና የወርክሾፑ ነው። ስለዚህ ቀኑን ከመጫኛ ወረቀቱ ላይ አትውሰዱ። ተቀባዩ ከፈረመበት ማስረከቢያ ላይ ውሰዱ።

ሠርተን ጨርሰናልና ይቆጠርልን የሚሉም አሉ። 50 ዴስክ ቀለሙ ደርቆ ደሴ ወርክሾፕ ውስጥ ተደርድሯል። አይቆጠርም። ሥራው እየተሠራ ሳለ ገቢ መመዝገብ የሚፈቀድባቸው ውሎች አሉ። አንደኛው መንገድ ዕቃው ለሌላ ሰው የማይሸጥ ሆኖ፣ ደንበኛው ውሉን ቢያቋርጥ እንኳ ለተሠራው ሥራ ትርፉን ጨምሮ የማስከፈል መብት ሲኖር ነው። ተራ ዴስክ ግን ነገ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሸጣል። ስለዚህ ርክክቡን ይጠብቃል።

[ስክሪን ላይ፦ ፒችትሪ፣ የ`Receipts` መስኮት]

ፒችትሪ ለምትጠቀሙ። መጀመሪያ የደንበኛ ቅድመ ክፍያ የሚል አካውንት ክፈቱ፣ ዓይነቱን `Other Current Liabilities` አድርጉት። ብሩ ሲገባ `Receipts` ላይ `Apply to Revenues` የሚለውን ገጽ ትጠቀማላችሁ። ስሙ እንዳያታልላችሁ፤ ወሳኙ መስመሩ ላይ ያለው `GL Account` ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የሽያጭ አካውንቱን ራሱ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። እሱን አጥፉና የቅድመ ክፍያውን አካውንት አስገቡ፤ ቫቱን ደግሞ ለብቻው በራሱ መስመር ወደ ቫት አካውንቱ ምሩት። ስንት ቅድመ ክፍያ ሽያጭ ውስጥ የገባው በዚህች አንዲት ሳጥን ሰበብ ነው! ርክክብ ሲሆን ኢንቮይሱ ላይ 320,000ውን ከጻፋችሁ በኋላ አንድ መስመር ጨምሩ፣ አካውንቱ የቅድመ ክፍያው፣ መጠኑ ደግሞ ማይነስ 160,000።

ሌላው የተለመደ አቋራጭ ብሩን በደንበኛው ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ መጣል ነው። ትምህርት ቤቱ ምንም ሳይበደር ተሰብሳቢው ማይነስ 400,000 ይሆናል። ሽያጩ ስላልተነካ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ሰኔ 30 ላይ ግን ያ ማይነስ የሌሎች ደንበኞችን ዕዳ ይውጣል። ሌሎቹ 500,000 ብር ዕዳ ቢኖርባቸው መግለጫው ተሰብሳቢ 100,000 ብቻ ይላል፤ የተቀበላችሁት አደራም አይታይም። ስለዚህ ዓመቱን ስትዘጉ የደንበኞችን ዝርዝር አውጡና ማይነስ ያለበትን ሁሉ ፈልጉ። የተገኘው ቅድመ ክፍያ ከሆነ ወደ ዕዳ ይዛወር።

[ስክሪን ላይ፦ ነሐሴ 20 ቀን 2017። 120 ዴስክ]

ነሐሴ 20 የቀሩት 120 ዴስኮች ተረከቡ። ባንክ 276,000 ገባ፣ የመጨረሻው 240,000 ቅድመ ክፍያ ተነሳ፣ ሽያጭ 480,000፣ ቫት 36,000። የቅድመ ክፍያው ሂሳብ ዜሮ ሆነ። ዜሮ ካልሆነ ያላስረከባችሁት ወይም ያልመዘገባችሁት ርክክብ አለ ማለት ነው። ወደ ዴቢት ካለፈ ደግሞ ከተቀበላችሁት በላይ ቀንሳችኋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ኦዲት። የግብር ኦዲተር የዓመቱን የቫት ማሳወቂያዎች ደምሮ ከትርፍና ኪሳራው ሽያጭ ጋር ያስተያያል። በእኛ ምሳሌ የ2017 በጀት ዓመት ቫት ማሳወቂያ ላይ ያለው 560,000 ነው። ትርፍና ኪሳራው ላይ ግን 320,000። "240,000 ብር ሽያጭ ደብቃችኋል" ይባላል። መልሱ ሰኔ 30 ላይ አብሮ መዘጋጀት አለበት። አንድ ገጽ ይበቃል።

[ስክሪን ላይ፦ ማስታረቂያ]

በቫት ማሳወቂያ የታየ 560,000
ሲቀነስ፣ ሰኔ 30 ላይ ያልተረከበ ቅድመ ክፍያ 240,000
በትርፍና ኪሳራ የታየ ሽያጭ 320,000

ከጀርባው ውሉን፣ የግንቦት 20ውን ደረሰኝና የተፈረመውን የሰኔ 25 ማስረከቢያ አያይዙ። የነሐሴው ማስረከቢያም ሲደርስ እዚያው ፋይል ውስጥ ይግባ። ኦዲተሩ ቀጥሎ የሚጠይቀው "ያ 240,000 በኋላስ የት ገባ?" ብሎ ነውና።